«አንድ እፍኝ» ስትሉ በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በጤና ዓምዳችሁ ላይ «በቀን አንድ እፍኝ ለውዝ 160 ካሎሪ ገደማ ነው» የሚል ምክር አንብቤ ነበር። ምክሩ ክፉ አይደለም። ቁጥሩም ከየትም የመጣ አይደለም፤ የ28 ግራም ለውዝ ልክ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ እፍኙ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ቅመም፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ለውዝ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሚዛን ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለምውል፣ እፍኝ 28 ግራም ሲሆን ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው አንዲት ጎረቤቴ ናት። ክብደት ቀንሺ ተብላለች። አንድ ቀን ሱቅ መጥታ እንዲህ አለችኝ። «እታለም፣ በጋዜጣው ልክ እኮ ነው የምበላው። ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ከቡና ጋር አንድ እፍኝ። ክብደቴ ግን ንቅንቅ አላለም።»

«እስኪ እንደምትበይው አድርገሽ ዝገኝ» አልኳት፤ የለውዙን ጆንያ ከፍቼ። ዘገነች። ሚዛኑ ላይ ብታፈሰው 47 ግራም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ጨዋታ ሆነ። ልጄ ጣቶቿን ጨብጣ አወጣች፤ 24 ግራም። ዕቃ የሚያወርድልን ወጣት መዳፉን ዘርግቶ ከምሮ አመጣ፤ 62 ግራም። ተልባ ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ ሳቁብን። «እፍኝ እኮ እንዲህ ነው» ብለው ሁለት እጃቸውን ገጥመው አፈሱ። 118 ግራም! እውነታቸውን ነው፤ በእሳቸው ዘመን እህል ሲበደሩም ሲመልሱም እፍኝ ማለት ሁለት እጅ ነው። ጋዜጣችሁ ግን የትኛውን እፍኝ እንደሆነ አልነገረንም።

አንድ ግራም ለውዝ 5.7 ካሎሪ ገደማ አለው። እንግዲህ የልጄ ጭብጥ 137 ካሎሪ ሲሆን፣ የወጣቱ ክምር 353 ነው። የእናታችን ሁለት እጅ 670 አለፈ። ጎረቤቴ በቀን ሁለት ጊዜ ስትዘግን 320 የበላች መስሏት ነበር። የበላችው ግን 94 ግራም ነው፤ ወደ 536 ካሎሪ። ልዩነቱ በየቀኑ 216 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሳታውቀው ሁለት ማንኪያ ዘይት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ያህል ትጨምር ነበር ማለት ነው።

ይሄ ስሕተት በገብስ ቆሎ ቢሆን ይህን ያህል አይጎዳም። ገብስ ውስጥ ያለው ቅባት ጥቂት ነው። ለውዝና ሰሊጥ ግን ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ተልባም ከ40 በመቶ በላይ አለው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ የስታርችና የፕሮቲን አንድ ግራም 4 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በእጅ ላይ የተረሳች ትንሽ ክምር እንኳ ሒሳቡን ታዛባለች።

(በነገራችን ላይ ምክሩ ከውጭ የተተረጎመ ይመስለኛል። እኛ በየመንገዱ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒውን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ ሌላ ነው፤ የዛፍ ፍሬ ነው። በካሎሪ ግን ሁለቱ እኩል ሊባሉ ምንም አይቀራቸውምና፣ በዚህ አልከሳችሁም።)

እጅ ለምን እንዲህ ይዋሻል? የእጅ መጠን ከሰው ሰው መለያየቱ አንዱ ነው። ግን ያው አንድ እጅ ራሱ ሁሌ አንድ አይደለም። ለውዝ ትልልቅ ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ መዳፍ ላይ ይከመራል። ተልባ ደግሞ ሙልጭልጭ ነው፤ ትንሽ ሲከመር በጣት መሃል ይፈስሳል። ስለዚህ ያው ሰው ለውዝ ሲዘግን ብዙ፣ ተልባ ሲዘግን ጥቂት ይወጣለታል። የተራበ ሰውም ጣቱን ከፈት ያደርጋል። ገበያ ላይ «መርቂልኝ» እየተባለ የሚጨመረውን ምርቃት ሰው ለራሱ እጅም ይመርቃል፤ ይህን ሳያስበው ነው የሚያደርገው።

ማንኪያ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ማንኪያ ጠርዝ አለው። ጠርዙን በቢላ ጀርባ ጠረግ ሲያደርጉት፣ ዛሬም ነገም ያው ነው። 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሾርባ ማንኪያ ተጠርጎ ለውዝ ቢሰፈርበት 9 ግራም ገደማ ይሆናል፤ 52 ካሎሪ። ሰሊጥም ያንኑ ያህል ነው። ያልተፈጨ ተልባ 10 ግራም፣ 55 ካሎሪ ይሆናል። ማንኪያው ሳይጠረግ ቢከመር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ስለዚህ «ሁለት ማንኪያ» የሚል ሰው የተከመረ ማለቱ ይሁን የተጠረገ ካልለየ፣ ወደ እፍኙ ተመለስን ማለት ነው።

ማንኪያም የራሱ ወጥመድ አለው፤ እሱም በፍሬዎቹ መሃል ያለው አየር ነው። ማንኪያ ላይ ያለ ለውዝ ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል መልኩ ባዶ ቦታ ነው። ያው ለውዝ ተፈጭቶ ዳቦ ላይ የሚቀባው ቅቤ ሲሆን፣ አየሩ ይጠፋና ማንኪያው 16 ግራም ይይዛል። ካሎሪውም ከ52 ወደ 95 ይወጣል። ማንኪያው ያው ነው፣ ለውዙም ያው ነው። የለውዝ ቅቤን ደግሞ ጠርጎ የሚወስድ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም ከምሮ ነው።

ተልባ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ለጾም ተቆልቶ ሲወቀጥ ዱቄቱ ይንሳፈፋል፤ አየር ይገባበታል። አንድ የተጠረገ ማንኪያ የተልባ ዱቄት 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ 37 ካሎሪ። ስለዚህ ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ ተመገብ የተባለ ሰው ሁለት ማንኪያ ፍሬ ለክቶ ቢወቅጥ፣ በ14 ግራም ፋንታ 20 ይበላል። መለካት ያለበት ሲወቀጥ ነው ወይስ ሳይወቀጥ? ይህችን አንዲት ቃል ብትጨምሩልን ግማሹ ጣጣ ያልቃል።

ሱፍ ላይ የእኔም ማንኪያ አይሠራም። ለሱፍ ፍትፍት ተፈጭቶ በውሃ ይጠለልና ገለባው ይጣላል። የገባውን መለካት የተጠጣውን አይነግርም። ስለዚህ ለሱፍ ቁጥር አልሰጥም።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ ልናገር። የሰጠኋቸው ቁጥሮች ለፍሬው እንጂ ለሆድ አይደሉም። ጥርስ ያልሰበረው ፍሬ ቅባቱን በሴሎቹ ግድግዳ ውስጥ እንደያዘ ያልፋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ2012 እንደ ፈረንጆች ባወጡት ጥናት፣ 28 ግራም የዛፉ ለውዝ በተለመደው ሒሳብ 170 ካሎሪ ሲባል ሰውነት የሚያገኘው 129 ገደማ እንደሆነ አይተዋል። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባም ብዙው እንደገባ ይወጣል። እንግዲህ ለሙሉ ፍሬ የማንኪያው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ለተፈጨና ለቅቤ ግን ያለቀለት ቁጥር ነው፤ ማሽኑ የጥርስን ሥራ ጨርሶታልና። ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ደስ ብሏት «እንግዲያ ሳላላምጥ ልዋጠው» አለች። አይሆንም አልኳት፤ ትን ይልሻል።

«ሚዛን የለኝም» ለሚሉ አንባቢዎች የማደርገውን ልንገራቸው። መጀመሪያ ማንኪያችሁን እወቁ። የቤት ማንኪያ ሁሉ 15 ሚሊ ሊትር አይይዝም። ከሽሮፕ ጋር የምትመጣዋ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ኩባያ ቤት ውስጥ አትጠፋም። ማንኪያውን በውሃ ሞልታችሁ ወደ ኩባያዋ ገልብጡ። የእኔ ቤት ማንኪያ 11 ላይ ነው የቆመው። ያ ማለት የኔ አንድ ማንኪያ ለውዝ 9 ሳይሆን ወደ 6 ግራም ተኩል ነው።

ይህ ቢያስቸግር ሌላ ዘዴ አለ። ባለሱቁን 100 ግራም ለውዝ አስመዝኑና ቤት ወስዳችሁ በተጠረገ ማንኪያ ቁጠሩት። ማንኪያው ትክክለኛው ከሆነ 11 ጊዜ ገደማ ይወጣል። 15 ጊዜ ከወጣ ማንኪያው ትንሽ ነው። 6 ወይም 7 ከሆነ ግን እየከመራችሁ ነው፤ አትጥረጉ ያላችሁ ማነው? ከዚያ ያንኑ 100 ግራም በእጃችሁ እየዘገናችሁ ቁጠሩት። ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ዘግና ጨረሰችው። የእጇን ልክ ያን ቀን አወቀች።

የተቀላቀለ ቆሎ ላይም አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ቆርቆሮው ሲነቀነቅ ገብሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለውዙ ከላይ ይቀራል። ከላይ የሚዘግን ሰው ከገብሱ ይልቅ ለውዝ ይደርሰዋል። እንግዳ መጥቶ ከላይ ከላይ እየለቀመ ሲጫወት፣ ከሥር የሚቀረው ለቤተሰቡ ገብስ ነው። ስለዚህ አንድ እፍኝ ቆሎ ይህን ያህል ካሎሪ ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከየትኛው የቆርቆሮ ክፍል እንደሆነ ጠይቁት።

ስሕተቱ ወደ ታችም ይሠራል። ከሲታ ልጇን ልታወፍር ብላ በትንሽ እጇ አንድ ጭብጥ የምትሰጥ እናት፣ 160 ሰጠሁ ብላ 100 ልትሰጥ ትችላለች። በጤና ጣቢያ በጣም ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ከለውዝ የተሠራው ምግብ እኮ በእፍኝ አይሰጥም። እያንዳንዱ ከረጢት 92 ግራም ነው፤ 500 ካሎሪ ይይዛል፤ ለልጁ የሚገባው የከረጢት ብዛትም በክብደቱ ይወሰናል።

እንግዲህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ዕትም «አንድ እፍኝ» ያላችሁትን «ሦስት የተጠረገ የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተፈጨ» ብላችሁ አርሙልን። 27 ግራም ይሆናል፤ ከቁጥራችሁ ጋር ይገጥማል። ጎረቤቴ አሁን ጠዋት ሦስት፣ ከቡና ጋር ሦስት ማንኪያ እየሰፈረች ነው። ስኒዋ ውስጥ ስታየው «ይቺ ብቻ?» ብላ ተናዳለች። ሚዛኔ ላይ አምጥታ አስመዘነችው፤ 28 ግራም ሆነ። አንዷን ፍሬ አንስታ በላችና ሄደች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቅመም ነጋዴ፣ ከደብረ ማርቆስ