አባዬ፣ ዱቄቱን ገና አትክፈተው

አባዬ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች፣ ትልቁ ደግሞ በቁመት በልጦኛል። ይሄን ሁሉ የማወራው ዋናውን ወሬ ለመሸሽ እንደሆነ መቼም ታውቃለህ።

ጡንቻ ያጠነክራል እየተባለ የሚወሰደውን ክሬቲን የሚባል ዱቄት ገዝተህ እንዳስቀመጥክ ወንድሜ ነገረኝ። ትናንት ስንደዋወል ግን ትንፍሽ አላልክም። የስኳሩም ጊዜ እንዲሁ ነበር፣ ሁለት ዓመት ደብቀኸን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፣ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። እሺ ይሄን ልተወው።

እግርህ መሳሳቱ እንዳስጨነቀህ ይገባኛል። ዱቄቱ መርዝ ነው እያልኩህም አይደለም፣ ጤነኛ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ቢወስድ ኩላሊቱን ሲጎዳው አልታየም። ግን አባዬ አንተ ስኳር አለብህ፣ የሚያሸና ክኒንም ትውጣለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ክሬቲኒን ወደሚባል ቆሻሻ ይለወጣል፣ እሱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ዶክተሩም ኩላሊትህ እንዴት እንደሚሰራ የሚገምተው ደምህ ውስጥ ባለው በዚሁ ክሬቲኒን ነው። ባለፈው 1.3 ነበር፣ በ68 ዓመትህ ሲሰላ የማጣራት አቅምህ 60 አካባቢ ይሆናል። ዱቄቱን እየወሰድክ 1.5 ቢመጣ ስሌቱ 50 ይላል፣ ኩላሊትህ ምንም ሳይሆን! የስኳር መድኃኒትህ የሜትፎርሚን መጠን የሚወሰነው ደግሞ ይሄን ቁጥር እያዩ ነው፣ ስለዚህ ዶክተሩ ዱቄቱን ካላወቀ በሌለ ችግር መድኃኒትህን ሊቀንስብህ ይችላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ተገላቢጦሹ ነው። ኩላሊትህ የምር እየደከመ "ዱቄቱ ነው" ተብሎ ቢታለፍስ? ኩላሊት እኮ ሲጎዳ አያምም፣ በስኳር ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

የሚያሸናው ክኒን ውሃና ጨው ያስወጣል፣ ክሬቲን ደግሞ ውሃ ወደ ጡንቻ ይስባል። ተቅማጥ ወይ ትውከት ከመጣብህ ቶሎ ትደርቃለህ፣ ያኔ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ስትነሳ ካዞረህ፣ ሽንትህ ካነሰና ከጠቆረ ዱቄቱን አቁምና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ።

አሁን የምለምንህ፣ ሳትጀምር ክሬቲኒንህና ሽንትህ ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ይለካ፣ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ከእሱ ጋር እንዲወዳደር። ሲስታቲን ሲ የሚባል የኩላሊት ምርመራም አለ፣ እሱን ክሬቲን አያዛባውም፣ ዶክተሩን ጠይቀው። ዕቃውን ራሱን ይዘህ ሂድ፣ የክኒኖችህንም ፓኬት። የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 20 ግራም ውሰድ የሚል ነገር ካለበት እሱን ጭራሽ እንዳትሞክረው።

ወይስ ጀምረኸዋል? ከጀመርክ ስንት ቀንህ ነው፣ ስንት ማንኪያስ ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ አልቆጣም። እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ።

ልጅህ