የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከገደል አፋፍ በአግድም የተወረወረ ድንጋይ

የፊዚክስ ክበብ ዘንድሮ ብዙ ርዕስ ከመነካካት ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድን መርጧል። ጥያቄው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። 45 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል አፋፍ ላይ አንድ ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት በአግድም ቢወረወር፣ መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይወስድበታል? ከገደሉ ሥር ስንት ሜትር ርቆ ያርፋል? መሬቱን ሲመታስ ፍጥነቱ ስንት ነው? አራት ኪሎ መሀል ገደል ስለሌለ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሥራ በወረቀት ላይ ነበር፤ በሁለተኛው የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ገደል ሆኖ አገልግሏል።

በወረቀት ሥራው አባላቱ ገጹን ለሁለት ከፍለው በአንድ በኩል «አግድም»፣ በሌላው በኩል «ቁልቁል» ብለው ይጽፋሉ። ከአግድም ሥር የሚገባው 20 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው፤ የአየርን ተቃውሞ ከተውነው በዚያ አቅጣጫ የሚገፋም የሚጎትትም ኃይል ስለሌለ ይህ ፍጥነት እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ከቁልቁል ሥር ደግሞ መነሻ ፍጥነት ዜሮ፣ የስበት ፍጥንጥነት 10፣ ከፍታ 45 ሜትር ይጻፋል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሻገር የሚፈቀድለት ጊዜ ብቻ ነው። ድንጋዩ አንድ ስለሆነ ሰዓቱም አንድ ነው።

ስሌቱ ሁልጊዜ ከቁልቁሉ ይጀምራል፣ ምክንያቱም በረራው የሚያበቃው መሬቱ ሲገኝ ነው።

```
h = ½gt²   →  45 = 5t²   →  t = 3 s
x = vₓt    →  20 × 3 = 60 m
v_y = gt   →  10 × 3 = 30 m/s
v = √(20² + 30²) ≈ 36 m/s
```

የመጨረሻው መስመር ላይ 20 እና 30ን ደምሮ 50 የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። ሁለቱ ፍጥነቶች ግን እርስ በርስ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠሩ፣ ድምራቸው የሚገኘው በፓይታጎረስ ነው። አቅጣጫውም መጻፍ አለበት፤ 30 ለ20 ሲካፈል 1.5 ስለሚሆን ድንጋዩ መሬቱን የሚመታው ከአግድም ወደ ታች 56 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቆ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ክበቡን ያነጋገረው ግን ሌላ ስህተት ነው። ተማሪው 20ን ወስዶ ቁልቁል እኩልታው ውስጥ እንደ መነሻ ፍጥነት ያስገባል፤ 45 = 20t + 5t² ይላል። ከዚህ የሚወጣው ጊዜ 1.6 ሰከንድ ነው፣ ርቀቱም 32 ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ነገር ግን ያው ተማሪ የመጨረሻውን ፍጥነት 20 + 10 × 1.6 ብሎ ሲያሰላ 36 ያገኛል፣ ትክክለኛውን መልስ! ይህ ግጥምጥሞሽ አይደለም። ከአንድ ከፍታ፣ በአንድ መነሻ ፍጥነት የተነሳ ድንጋይ ወደ ጎንም ቢወረወር ቀጥታ ወደ ታች፣ የያዘው ጉልበት እኩል ስለሆነ መሬት ሲደርስ የፍጥነቱ መጠን አንድ ነው። የሚለያየው ጊዜው፣ ያረፈበት ቦታና አቅጣጫው ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ልክ መጣ ማለት አሠራሩ ልክ ነው ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ጊዜው ላይ ነው፤ ከ45 ሜትር ዝም ብሎ የተለቀቀ ድንጋይ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በአግድም የተወረወረም ከዚያ ሊፈጥን አይችልም።

ይህን በዓይንና በጆሮ ለማየት ሁለት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞችና አንድ ማስመሪያ በቂ ናቸው። አንዱ ሳንቲም ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ባለው የማስመሪያው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ከማስመሪያው አጠገብ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይሆናል። ማስመሪያው በድንገት ወደ ጎን ሲመታ አንዱ ባለበት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላው ተፈናጥሮ ርቆ ይሄዳል። ወለሉ ላይ የሚሰማው ድምፅ ግን አንድ ነው። ማስመሪያው ወደ ላይ ቀና ካለ ወይም ቀስ ብሎ ከተመታ ድምፁ ሁለት ይሆናል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የተሠራው ትንበያ ነበር፤ ኳሱ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማስላትና ወለሉ ላይ ምልክት ማድረግ። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ኳስ ቦይ ባለው የአሉሚኒየም መንሸራተቻ ላይ ከ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደልዳላ ክፍል አልፎ ከጠርዙ ይወጣል። ከጠርዙ እስከ ወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ስበትን 9.8 ስናደርገው የመውደቂያው ጊዜ 0.43 ሰከንድ ይሆናል።

አብዛኞቹ አባላት የመውጫውን ፍጥነት ያሰሉት ከፍታው ሙሉ በሙሉ ወደ ፍጥነት ይለወጣል ብለው ነው፤ ይህ በሰከንድ 1.98 ሜትር፣ ርቀቱንም 85 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ኳሱ ግን 69 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አረፈ። መጀመሪያ የተጠረጠረው አየር ነበር። እንዲህ ያለ ከባድ ኳስ ግማሽ ሰከንድ ባልሞላ በረራ በአየር 16 ሳንቲ ሜትር ሊያጣ አይችልም። የጎደለው ጉልበት ያለው ሽክርክሪቱ ውስጥ ነው፤ ኳሱ ተንሸራትቶ ሳይሆን ተንከባሎ ስለሚወርድ የተወሰነው ጉልበት ለመሽከርከር ይውላል። በሁለት ጠርዝ በሚደግፈው ቦይ ላይ ሲሆን ደግሞ ለሽክርክሪቱ የሚሄደው ድርሻ ይጨምራል።

መፍትሔው ፍጥነቱን ከከፍታው ከመገመት ይልቅ መለካት ነው። ደልዳላው ክፍል ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ሁለት መስመር ይሰመራል፣ በሰከንድ 240 ምስል በሚቀርጽ የስልክ ካሜራም ይቀረጻል። ኳሱ ከመስመር እስከ መስመር 30 ምስል ወሰደ፤ ይህ 0.125 ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 1.6 ሜትር ነው። በ0.43 ሲባዛ 69 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። አንድ ምስል ተሳስቶ መቁጠር ውጤቱን በሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያዛባ ቆጠራው በሁለት ሰው ቢሠራ ይመረጣል።

ማረፊያው የሚታወቀው ነጭ ወረቀት ላይ በተደፋ ካርቦን ወረቀት ነው። ርቀቱ የሚለካው ከጠረጴዛው እግር ሳይሆን ከጠርዙ በክር በተንጠለጠለ ክብደት ወለሉ ላይ ከተገኘው ነጥብ ጀምሮ ነው። ነጥቦቹ ራሳቸው ችግሩን ይናገራሉ። ወደፊትና ወደኋላ ከተበተኑ ኳሱ በየጊዜው ከተለያየ ከፍታ እየተለቀቀ ነው፤ በጣት ከመልቀቅ ይልቅ በማስመሪያ አግዶ ማንሳት ያስተካክለዋል። ወደ ግራና ቀኝ ከተበተኑ ኳሱ ቦዩ ውስጥ እየተወዛወዘ ይመጣል። ተጠጋግተው ሳለ ሁሉም ከትንበያው አጥረው ከተገኙ ግን የመንሸራተቻው ጫፍ መታየት አለበት። ጫፉ 3 ዲግሪ ብቻ ወደ ታች ቢያዘነብል ኳሱ ሲወጣ የቁልቁል ፍጥነቱ ዜሮ አይሆንም፣ ርቀቱም አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ያጥራል። ለመፈተሽ ኳሱን ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ወደየትም ሳይንከባለል ከቆመ ደልዳላ ነው።

ይህ አሠራር ለፒንግ ፖንግ ኳስ አያገለግልም። የኳሱ ክብደት 2.7 ግራም ብቻ ስለሆነ ከ45 ሜትር ቢለቀቅ አየሩ ይዞት ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል፣ 30 አይደርስም። አግድም ፍጥነቱም በመንገድ ላይ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ማስላት አይቻልም።

መንሸራተቻው፣ ኳሶቹና የክሩ ክብደት ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚቀጥለው ዓመት አባላት ጫፉን ሆን ብለው ወደ ላይ ቀና በማድረግ ከዚሁ ጠረጴዛ የትኛው ማዕዘን ኳሱን አርቆ እንደሚያሳርፍ ይፈልጋሉ። ማረፊያው ከመነሻው ዝቅ ስለሚል መልሱ ከ45 ዲግሪ ያነሰ ይሆናል።