ከአክሲዮን ዋጋ ወደ ኋላ የተሰላው 16 በመቶ ይታረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የአክሲዮን ካፒታል ወጪ፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች በገንዘባቸው ላይ የሚጠብቁት ተመላሽ፣ ከገበያ ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ባወጣችሁት ማብራሪያ ውስጥ ያለው ምሳሌ መታረም ይኖርበታል። በምሳሌው አንድ አክሲዮን በ80 ይሸጣል፤ በቅርቡ 4 የትርፍ ድርሻ ከፍሏል፤ ክፍያው ባለፉት አምስት ዓመታት በአማካይ በ11 በመቶ አድጓል። ጸሐፊው 4ን ለ80 አካፍሎ 5 በመቶ አገኘ፤ 11 ደመረበትና ባለአክሲዮኖች የሚጠብቁት ተመላሽ 16 በመቶ ነው አለ። ቀመሩ ትክክለኛ ነው። ስህተቱ በቀመሩ ውስጥ የገቡት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው፤ አንደኛው ስህተት ትንሽ፣ ሁለተኛው ግን ውጤቱን ከንቱ የሚያደርግ ነው።

ቀመሩ የሚመጣው ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው። የአክሲዮን ዋጋ ወደፊት የሚከፈሉት የትርፍ ድርሻዎች ሁሉ በሚጠበቀው ተመላሽ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመንዝረው ሲደመሩ የሚገኝ ነው። ክፍያው በየዓመቱ በማይለዋወጥ መጠን ለዘላለም የሚያድግ ከሆነ ይህ ማለቂያ የሌለው ድምር ወደ P0 = D1 / (r − g) ይጠቃለላል። P0 የዛሬው ዋጋ፣ D1 በሚቀጥለው ዓመት የሚከፈለው ድርሻ፣ g እድገቱ፣ r ደግሞ ባለአክሲዮኖች የሚጠብቁት ተመላሽ ነው። ዋጋውን ከገበያ ስለምናውቅ የቀረውን ገልብጠን እናወጣለን፦

r = D1 / P0 + g

ማይረን ጎርደንና ኢላይ ሻፒሮ በ1956 ይህን ግንኙነት ሲያቀርቡ የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ ድርጅቱ አዲስ ኢንቨስትመንት ሲመዝን ሊያልፈው የሚገባውን የትርፍ መጠን ከአክሲዮኑ ዋጋ ማውጣት።

ከትንሹ ስህተት ልጀምር። 4 የተከፈለው ትናንት ነው። አክሲዮኑን ዛሬ በ80 የሚገዛ ሰው ያን ገንዘብ አያገኝም፤ የሚጠብቀው ቀጣዩን ክፍያ ነው። እድገቱን ለጊዜው 5 በመቶ ብንለው D1 4 × 1.05፣ ማለትም 4.20 ይሆናል፤ ለ80 ሲካፈል 5.25 በመቶ ነው። በዋጋው በኩልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። 80 የተወሰደው የ4ቱ ክፍያ መብት ከአክሲዮኑ ከተለየ በኋላ ከሆነ ልክ ነው። ክፍያው ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው ቢወሰድ ግን ዋጋው 84 አካባቢ ይሆን ነበር፤ 4.20 ለ84 ሲካፈል ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ይሆናልና ውጤቱ ሳይታወቅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዋጋው የተወሰደበት ቀን ከክፍያው ቀን በፊት ይሁን በኋላ ሳይጣራ ስሌቱን መጀመር አይገባም።

ዋናው ችግር ያለው እድገቱ ላይ ነው። በቀመሩ ውስጥ g የአምስት ዓመት ታሪክ አይደለም፤ ማብቂያ የሌለው የወደፊት እድገት ነው። አጠቃላይ ኢኮኖሚው በ6 በመቶ እያደገ አንድ ድርጅት በ11 በመቶ ቢቀጥል፣ በኢኮኖሚው ውስጥ ያለው ድርሻ በ50 ዓመት 10 እጥፍ፣ በ100 ዓመት 100 እጥፍ ይደርሳል። ይህ እንደማይሆን ግልጽ ነው። ቀመሩ ግን የተሰጠውን g አይጠይቅም፤ እንዳለ ወስዶ መልሱ ላይ ይደምረዋል። በምሳሌያችን g 4 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 9.20፣ 5 ቢሆን 10.25፣ 6 ቢሆን 11.30 ነው። የመልሱ ግማሽ ያህሉ ከገበያ የመጣ ሳይሆን ስሌቱን የሠራው ሰው የገመተው መሆኑን አንባቢ ማወቅ አለበት።

ታዲያ g ከየት ይምጣ? ድርጅቱ ከውጭ ካፒታል ሳይጨምር ማደግ የሚችለው ሳያከፋፍል ባስቀረው ትርፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአንድ አክሲዮን 7 ያተርፋል፣ 4.20 ያከፋፍላል እንበል፤ 60 በመቶው ወጣ፣ 40 በመቶው ቀረ ማለት ነው። ያስቀረው ገንዘብ በካፒታሉ ላይ 12.5 በመቶ የሚያተርፍለት ከሆነ እድገቱ 0.40 × 12.5፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። 11 በመቶ ለማደግ ግን በዚሁ ክፍፍል 27.5 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል፤ ያውም ለዘላለም። ከፍተኛ ክፍያና ከፍተኛ እድገት አብረው ሲቀርቡ ይህን ማካፈል መሥራት ብቻውን ብዙ ያጋልጣል።

5 በመቶውም ቢሆን በነፃ የተገኘ አይደለም። አዲሱ ኢንቨስትመንት ከሚጠበቀው ተመላሽ በላይ አያተርፍም ብለን ብንነሳ፣ r በቀጥታ ከሚቀጥለው ዓመት ትርፍና ከዋጋው ይገኛል፤ 7 ለ80 ሲካፈል 8.75 በመቶ ነው። እድገቱም 0.40 × 8.75፣ ማለትም 3.50 ይሆናል፤ 5.25 ሲደመርበት ያው 8.75 ይመጣል። እንግዲህ በ8.75 እና በ10.25 መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የቆመው ድርጅቱ አዲስ ገንዘብ ባፈሰሰ ቁጥር 12.5 በመቶ ማትረፉን አያቋርጥም በሚለው አንድ እምነት ላይ ነው። ተፎካካሪ በቀላሉ በሚገባበት ዘርፍ ለሚሠራ ድርጅት እኔ ወደ 8.75 የሚጠጋውን እመርጣለሁ።

ምናልባት 11 በመቶው ለጥቂት ዓመታት እውነት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አጭሩ ቀመር አይሠራም፤ ክፍያዎቹ ለየብቻ ይመነዘራሉ። ለሦስት ዓመት በ11፣ ከዚያ በኋላ በ5 በመቶ ቢያድግ ክፍያዎቹ 4.44፣ 4.93 እና 5.47 ናቸው፤ አራተኛው 5.74 ሆኖ ከዚያ ወዲህ ቋሚው ቀመር ይገባል። r የሚገኘው በሙከራ ነው። 11 በመቶ ብንሞክር የሁሉም ድምር 82 ይመጣል፤ ከ80 ስለበለጠ ተመኑ ከፍ ይበል። 11.2 ስንሞክር 79.33 ይሆናል። መልሱ በሁለቱ መካከል፣ 11.15 በመቶ ገደማ ነው። የሦስት ዓመቱ ፈጣን እድገት ከ10.25 በላይ የጨመረው 0.9 ብቻ ነው፤ 11 በመቶውን እንዳለ በቀመሩ ውስጥ መክተት ግን 16 ያደርሳል።

ውጤቱ ሲወጣ የዚያው ድርጅት የረጅም ጊዜ ቦንድ ከሚያስገኘው ተመላሽ ጋር ይተያይ። ባለአክሲዮን የሚከፈለው ከአበዳሪ በኋላ ነውና r ከቦንዱ ካነሰ፣ ብዙ ጊዜ እድገቱ የዋጋ ንረት ተቀንሶለት፣ ዋጋውና ክፍያው ግን ሳይቀነስላቸው ገብተዋል ማለት ነው። የትርፍ ድርሻ ለማይከፍል ወይም በዋናነት የራሱን አክሲዮን መልሶ በመግዛት ገንዘብ ለሚመልስ ድርጅት ስሌቱ በዚህ መልኩ አያገለግልም። በገበያ ላልተሸጠ አክሲዮንም እንዲሁ፤ ዋጋው ራሱ በተገመተ r የተሰላ ከሆነ ቀመሩ ያንኑ ግምት መልሶ ይሰጣል እንጂ አዲስ ነገር አይነግርም።

ምሳሌው ሲታረም ዋጋው የተወሰደበት ቀን፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ እና እድገቱ የተገኘበት መንገድ ከውጤቱ ጎን አብረው ቢታተሙ፣ አንባቢ 16 በመቶውን ትቶ የራሱን ስሌት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ያገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋይናንስ ትንተና ባለሙያ