የዕድራችን መዝገብ ዳግም እንዳይጠፋ፦ ቅዳሜ እንገናኝ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ፒያሳ በዕድራችን ቢሮ ተገናኝተን የአባላት መዝገቡንና የደረሰኝ ፎቶዎቹን በሦስት ቅጂ እናስቀምጣለን።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እኔው ነኝ ጥፋተኛው፤ ስልኬ ሞላ ብዬ የመዋጮውን ፋይል ከጉግል ድራይቭ ሰረዝኩት፣ ከገንዘብ ያዣችን ላፕቶፕም አብሮ ጠፋ። ሁለት ቅጂ ያለን መስሎን ነበር፤ ለካ ድራይቭ አንዱ ጋ የተደረገውን ሌላው ጋ ይደግመዋል፣ ስረዛውንም ጭምር። የተሰረዘውን በመጣያው የሚያቆየው ደግሞ 30 ቀን ብቻ ነው፤ እኛ የነቃነው በሁለተኛው ወር። ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀሙ መጻፉ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ስለዚህ ላፕቶፑና ድራይቩ እንዳሉ ሆነው፣ ሦስተኛው ቅጂ በፍላሽ ተደርጎ አዘዞ በሰብሳቢያችን ቤት ይቀመጣል። ፍላሹ የሚሰካው በወር አንዴ፣ ለመገልበጥ ብቻ ነው። በድሮው ላይ ደርበን አንገለብጥም፤ የተበላሸ ፋይል ደህናውን ይበላዋልና። በየወሩ «መዝገብ ጥቅምት»፣ «መዝገብ ኅዳር» እያልን አዲስ ፎልደር እንከፍታለን። ከዚያ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን መዝገቡን ከፍተን የመጨረሻውን ክፍያ እናያለን፤ ካልተከፈተ ቅጂ አለን አንልም።

ትርፍ ፍላሽ ያላችሁ (32 ጊጋ ይበቃል) ይዛችሁ ኑ። ገንዘብ ያዣችን ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገው ይምጡ፣ መብራት አይታመንም። በየወሩ የሚገለብጥ ሰውም እንመርጣለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።

የዕድሩ ጸሐፊ