ማን ጻፈልሽ?

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ የጻፍኩልህ ናፍቆቱም ቢኖር፣ አንድ የማስቸግርህ ጉዳይ ስላለኝ ነው።

አብሮን የተማረው ጓደኛችን አሁን እኔ ያለሁበት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል አማርኛ ያስተምራል። ሰሞኑን «ቤታችን» በሚል ርዕስ ድርሰት አስጽፎ ነበር። ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው የማይሰማ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ አለች። የእሷ ድርሰት «እኛ ቤት ሌሊት ሌሊት የሚያወራ ጋን አለ» ብሎ ይጀምራል። እናቷ ጠላ ሻጭ ናት። ልጅቷ ከጋኑ አጠገብ ተኝታ ድፍድፉ ሲንተከተክ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ሲበረታ የነገው ገበያ ይታያታል፣ ሲጠፋ ትሰጋለች። አንብቤ ወረቀቱን ማስቀመጥ አቃተኝ።

እሱ ግን በቀይ እስክሪብቶ «ማን ጻፈልሽ?» ብሎ ጻፈበት። በክፍሉ ፊትም ጠየቃት። አንገቷን ደፍታ ዝም ስትል እንዳመነች ቆጠረው። ከዚያ መምህራን ክፍል አስጠርቶ፣ እፊቱ አስቀምጦ ሌላ ድርሰት ጻፊ አላት። ሁለት መስመር ጽፋ እጇ ተንቀጠቀጠ። «ይኸው!» አለኝ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ፈተና የሚለካው ድፍረት ነው።

ጥርጣሬው የመጣው ጽሑፏን ስለማያውቀው ይመስለኛል። ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ አለው፣ ፈተናው ምርጫና እውነት ሐሰት ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ ስታከብ እንጂ አንድ አንቀጽ ስትጽፍ አይቷት አያውቅም። ታዲያ ከምን ጋር አስተያይቶ ነው የእሷ አይደለም ያለው?

እኔ ለብቻዋ አግኝቼ ማን ጻፈው አላልኳትም። «ጋኑ ዝም ሲል ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳት። ያኔ ቀና አለች። ብርድ ሲሆን እናቷ ጋኑን በብርድ ልብስ እንደምትጠቀልለውና እሷ ጋቢ ብቻ ለብሳ እንደምታድር ነገረችኝ። ይህ ድርሰቱ ውስጥ የለም። ረቂቁን ስጠይቃት የሒሳብ ደብተሯን ከጀርባው ገለጠችልኝ። «እናቴ ደሃ ናት» ይላል፣ ተሰርዟል። «እናቴ ጠላ ትሸጣለች»፣ እሱም ተሰርዟል። ከሥሩ ያ ጋን መጣ። ከሌላ የሚገለብጥ ልጅ መጀመሪያውን እንዲህ እየሰረዘ አይፈልግም።

ደብተሩን ሳሳየው ሳይከራከር ከ10 10 ሰጣት። ቀዩ ጽሑፍ ግን እንዳለ ነው፣ ክፍሉም የሰማው ነገር የለም። ልጆቹ እስካሁን «ማን ጻፈልሽ» እያሉ ይጠሯታል፤ ቀጣዩን ድርሰትም አላስረከበችም። በክፍል ፊት የተባለው በክፍል ፊት ይስተካከል ስለው «ውጤቷን ሰጥቻለሁ፣ ምን ቀረ?» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቀዋለህ፤ ተማሪ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት የሚያስንቀው ይመስለዋል።

እኔን አልሰማኝም፣ አንተን ግን ድሮም ይሰማሃል። እባክህ ደውልለት። እኔ እንደነገርኩህ ብትነግረውም ግድ የለኝም። ሰኞ ጠዋት ከዚያ ክፍል ጋር ክፍለ ጊዜ አለው።

አክባሪ እህትህ