የቡና ጽሑፎቻችንን የአጻጻፍ መመሪያ ስለማዘጋጀት

የተከበራችሁ በጅማ የምንገኝ የአርታዒያንና የተርጓሚዎች ቡድን አባላት፣

የአጻጻፍ መመሪያውን ከደንብ ሳይሆን በእጃችን ካሉት የቡና መግለጫዎችና የከረጢት ጽሑፎች እንድንጀምር አሳስባለሁ። ጽሑፎቹን በአንድ ፋይል ሰብስበን እያንዳንዱን ልዩነት ከተገኘበት ዐረፍተ ነገር ጋር እንመዝግብ። በፍለጋው ጊዜ «ጀንፈል» ብለን ብንጽፍ የመጨረሻው ፊደል ስለሚለወጥ «ጀንፈሉ» አይገኝም፤ ስለዚህ «ጀንፈ» ብሎ መፈለግ ይሻላል። «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሃይ» ደግሞ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ በየተራ ይፈለጉ። እዚህ ላይ የትኛውም ቢመረጥ ትርጉም አይዛባም፤ «ፀሐይ»ን መርጠን እንለፍ።

አሳሳቢው የምርት ስያሜ ነው። «ደረቅ ቡና» የሚለው አንዳንድ ቦታ ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል፣ ሌላ ቦታ ተፈልፍሎ ለሽያጭ የተዘጋጀውን ያልታጠበ ቡና ያመለክታል። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ብንተካ አንባቢው የተገዛውን ከተሸጠው መለየት ያቅተዋል። ስለሆነም እያንዳንዱ ቦታ ተነብቦ «ጀንፈል» ወይም «ያልታጠበ ቡና» ይባል፤ «ደረቅ ቡና» በመመሪያው በተከለከሉ ቃላት ዓምድ ከምክንያቱ ጋር ይመዝገብ።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የትልቅ ፊደል ጥያቄ የሚነሣው በላቲን በሚጻፉ ስሞች ብቻ ነው። በመደበኛ ጽሑፍ በትልቅ J ጀምረን Jimma እንበል፤ በውልና በደረጃ ሰነድ ላይ Djimmah ተብሎ የተመዘገበ ግን የንግድ ስም ስለሆነ አይነካ።

የምታገኟቸውን አጠራጣሪ ዐረፍተ ነገሮች ሳታርሙ ላኩልኝ።