ምድጃው ተሰብሮ እበቱ ይቀጥል ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብተናል። ከመዝገብ ቤት አልፈው ጠረጴዛዎ ላይ መድረሳቸውን እንጃ፤ ስለዚህ በአደባባይ እንጽፋለን። ጉዳዩ ያው ባለ 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ማብላያ ነው። የምድጃው ማዞሪያ ከተሰበረ አምስት ወር ሆነው። ባለቤቶቹ መለዋወጫ ሲጠይቁ ከቢሮዎ ያገኙት መልስ «እስኪመጣ እበቱን አታቋርጡ፣ ማብላያው ይሞታል» የሚል ነበር።

ታዘዙ። በየቀኑ 40 ኪሎ ያህል እበት በእኩል ውሃ በጥብጠው ይጨምራሉ። ከዚያ በቀን ወደ 1.5 ሜትር ኩብ ጋዝ ይገኛል፤ ውስጡ ያለው ሚቴን ወደ 0.6 ኪሎ ነው። የማይነድ ጋዝ ደግሞ ጉልላቱ ሥር ተቀምጦ የእርስዎን መለዋወጫ አይጠብቅም። ግፊቱ ሲበዛ ድፍድፉን ወደ መውጫው ጉድጓድ ይገፋዋል፤ ድፍድፉ ከመውጫው አፍ በታች ሲወርድ ትርፉ ጋዝ በዚያው እየተንቦቀቦቀ ያመልጣል።

ባለሙያዎ መጥቶ ነበር። የቧንቧውን መጋጠሚያ ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሾ «አያፈስም» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ልክ ነው፣ ቧንቧው አያፈስም። አሥር እርምጃ ተራምዶ መውጫው ጉድጓድ ላይ ቢያጎነብስ ግን ያለ ሳሙናም አረፋውን ያየው ነበር።

ሂሳቡ ይኸው። አንድ ኪሎ ሚቴን ሲነድ 2.75 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የዚህ ቤት የቀን ጋዝ ቢነድ 1.65 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው፤ ያም ቢሆን ከብቶቹ የበሉት ሣር ከአየር የወሰደው ካርቦን ስለሆነ ተመልሶ ሄደ እንጂ አዲስ አልተጨመረም። ሳይነድ ሲያመልጥ ግን አንዱ ኪሎ ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ የሚያስከትለው ሙቀት የ80 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። ስለዚህ የቀኑ 48 ኪሎ፣ የአምስት ወሩ ከ7 ቶን በላይ ይሆናል። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው በአማካይ 12 ዓመት ያህል ስለሆነ በ100 ዓመት ሲሰላ 80ው ወደ 27 ይወርዳል። በዚያም ስሌት ቢሆን በቀን 16 ኪሎ ነው።

የሚያንገበግበን ሌላ ነው። ሚቴን የሚፈጠረው አየር በሌለበት ነው። ያ እበት ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ኩበት ቢሆን ኖሮ ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም ይህ ሁሉ ሚቴን ባልተወለደ። ያመረትነው እኛ ነን፣ በሲሚንቶና በድጎማ። በሪፖርትዎ ላይ ግን ይኸው ማብላያ «ልቀት ከቀነሱት» ተርታ ተቆጥሯል።

«ይሞታል» የሚለውንም ይተዉት። ባክቴሪያው ለሳምንታት ቢራብ ይዳከማል እንጂ አይጠፋም፤ እበት ሲያገኝ ይነሳል። ምድጃ የሌለው ቤት መመገቡን ያቁም፤ ውስጥ የቀረው እበት ሳምንታት ጋዝ መስጠቱ ስለማይቀር እስከዚያ የተውሶ ምድጃ ይሰጠው። ቅጹም ላይ «የተገነባ» ከሚለው ዓምድ ጎን «የሚነድ» የሚል ይጨመርበት።

ዛሬ ጠዋትም 40 ኪሎ ገብቷል።

የወረዳው የባዮጋዝ ግንበኞችና ጠጋኞች